ከ«እሺ» በፊት ደብዳቤው፦ የሙከራ ጊዜን፣ ፈቃድንና ጥቅማ ጥቅምን በጽሑፍ ስለመጠየቅ

(ይህ ጽሑፍ ሥራ ለመቀየር በማሰብ ላይ ላሉና አዲስ ለተመረቁ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። የንግግሩን ለዛ ብዙም አልነካሁትም። መጨረሻ ላይ ከአድማጮች የተነሡ ጥያቄዎችን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ብዙውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ነው። ማለትም ስልክ ከሚጠብቁት ሳይሆን ከሚደውሉት ወገን ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያለውን ነው።

ስልኩ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «እንኳን ደስ አለሽ፣ አልፈሻል። ደመወዙ ሁሉን ጨምሮ 40 ሺህ ነው። ትራንስፖርት አለው፣ ሕክምና አለው፣ ፈቃድ በሕጉ መሠረት ነው። የሦስት ወር ሙከራ አለው። መቼ መጀመር ትችያለሽ?» አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሚመጣው መልስ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ «እሺ፣ በጣም አመሰግናለሁ!»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። በቃልም ይጸናል። ስለዚህ በስልክ «እሺ» ስትሉ ጨዋነት ብቻ አይደለም የተናገራችሁት፤ ውል ተዋውላችሁ ሊሆን ይችላል። «ሁሉን ጨምሮ» የሚለው ምን ምን እንደጨመረ ሳታውቁ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው አዋጅ አንድ ነገር ከዚህ ነጥሎ አስቀምጧል፤ የሙከራ ጊዜን። አንቀጽ 11 የሙከራ ጊዜ እንዲኖር ስምምነት ከተደረገ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። ደመወዙን በቃል መስማማት ይቻላል፣ ሙከራውን ግን አይቻልም። በጽሑፍ ካልሰፈረ ሠራተኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መደበኛ ሠራተኛ ነው፤ ሊያሰናብቱት ቢፈልጉ በቂ ምክንያትና ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል።

ይህንን አስቡት። ቀጣሪው ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ነገር፣ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ማሰናበት የሚችልበት ጊዜ፣ ያለ ወረቀት የለም። የቅጥሩን ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ስትጠይቁ እንግዲህ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም፤ እነሱም የሚያስፈልጋቸውን ወረቀት እያዘጋጁ ሳለ የእናንተም ነገር በዚያው ላይ እንዲገባ እየጠየቃችሁ ነው። እኔ በነበርኩባቸው ቦታዎች ደብዳቤ የጠየቀን ሰው «አስቸጋሪ ነው» ያለ ኃላፊ አላጋጠመኝም። አስቸጋሪ የሚባለው ከገባ በኋላ በሁለተኛው ወር «በስልክ እንዲህ አላችሁኝ እኮ» እያለ የሚመጣው ነው።

አሁን አንድ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንመልከት። አንዲት የሂሳብ ባለሙያ እናስብ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ አስተካክያቸዋለሁ፤ ነገሩ ግን በየጊዜው የማየው ነው። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ አምስት ዓመት ሠርታለች። ጥቅምት ላይ ከሌላ ድርጅት ያ ስልክ መጣላት። ጥር ላይ ደግሞ ሠርጓ ነው።

በስልኩ ላይ ያለችው ይህን ነው፦ «በጣም ደስ ብሎኛል፤ አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን በጽሑፍ እንዳየሁ መልሴን አሳውቅዎታለሁ። ኢሜይል ልላክልዎ?» በዚህ ውስጥ ደስታ አለ፣ ምስጋና አለ፣ «እሺ» ግን የለም። ከዚያ በዚያው ቀን ይህን ጻፈች፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት በስልክ ስለነገሩኝ መልካም ዜና አመሰግናለሁ። ሥራውን ወድጄዋለሁ። የተነጋገርነውን በትክክል መረዳቴን ማረጋገጥ ስለፈለግኩ፣ የሚከተሉት በኦፈር ሌተሩ ላይ ተገልጸው ቢላኩልኝ ደስ ይለኛል። መነሻ ደመወዙ ስንት እንደሆነና 40,000 ብሩ በምን በምን እንደሚከፋፈል። ትራንስፖርቱና ሕክምናው ከመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ ከሙከራ ጊዜ በኋላ የሚጀምሩት፤ ሕክምናውስ የትዳር ጓደኛን ይጨምራል ወይ። የሙከራ ጊዜው በሥራ ቀን ሲቆጠር ስንት ነው። የዓመት ፈቃዱ ስንት ቀን ነው፤ ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል ወይ። በተጨማሪ ጥር ውስጥ ሠርጌ ስለሆነ በሕግ ከሚሰጠው የጋብቻ ፈቃድ ሌላ አምስት የሥራ ቀን እፈልጋለሁ፤ ይህም አብሮ ቢሰፍርልኝ። አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብኝ፣ ደብዳቤው እስከ ሐሙስ ቢደርሰኝ ዓርብ መልሴን አሳውቃለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

ልብ በሉ፣ አዋጅ አልጠቀሰችም። አንቀጽ ቁጥር አልጻፈችም። ሕጉን ማወቅ የሚጠቅማችሁ መልሱን ለማንበብ ነው፤ በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ አዋጅ መጥቀስ ክስ የመሰረታችሁ ያስመስላል። የሠርጉን ነገር ደግሞ አሁን ማንሳቷ ትክክል ነው፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ደብዳቤው ረቡዕ መጣ። እንዲህ ይላል፦ መነሻ ደመወዝ 26,000 ብር፤ የትራንስፖርት አበል 8,000፤ የስልክ 1,000፤ የአፈጻጸም ማበረታቻ እስከ 5,000። የሙከራ ጊዜ 3 ወር። ጥቅማ ጥቅሞች የሙከራ ጊዜው በአጥጋቢ ሁኔታ ሲጠናቀቅ ይጀምራሉ። የዓመት ፈቃድ በድርጅቱ መመሪያ መሠረት። ስለ ሠርጉ ምንም የለም።

ማንም አልዋሸም። 26 እና 8 እና 1 እና 5 ሲደመሩ 40 ናቸው። ግን አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ «እስከ» የምትለዋን ቃል ተመልከቱ። እስከ 5,000 ማለት ዜሮም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቀጥሎ፣ አበሉ ከሙከራ በኋላ የሚጀምር ከሆነ ለሦስት ወር የምታገኘው 26,000 ብቻ ነው፤ ያውም ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ። በስልክ ከሰማችው ጋር ያለው ልዩነት በወር 14,000፣ በሦስት ወር 42,000 ብር ነው። ለሠርግ ለሚዘጋጅ ሰው ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው። ሕጉ «ደመወዝ» ሲል የትራንስፖርት አበልን፣ ቦነስንና ማበረታቻን አይጨምርም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚሰላው በደመወዙ ነው፤ የስንብት ክፍያም እንዲሁ። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚገባውም ከደመወዙ ላይ ነው። በሳምንት 48 ሰዓት ብንወስድ በወር 208 ሰዓት ይሆናል። 26,000 ለ208 ሲካፈል የሰዓቷ ዋጋ 125 ብር ነው። ቀን ላይ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚባዛ 187 ብር ከ50 ሳንቲም ታገኛለች። 40,000ው በሙሉ መነሻ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ያው ሰዓት 288 ብር ገደማ ያወጣ ነበር። የአሠሪው የጡረታ ድርሻም በወር 4,400 መሆኑ ቀርቶ 2,860 ነው። ዓመት መዝጊያ ላይ እስከ ምሽት ለሚያመሽ የሂሳብ ሰው ይህ ልዩነት ከማንኛውም አበል በላይ ያወራል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለመደራደር አንድ ዕድል ብቻ ካላችሁ ከአበል ላይ ወደ መነሻ ደመወዝ እንዲዛወር ለማድረግ ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ ሙከራው። ሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። «ሦስት ወር» እና «60 የሥራ ቀን» አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራበት ቤት፣ በዓል ካልገባበት፣ 60 የሥራ ቀን በአሥር ሳምንት ያልቃል። አምስት ቀን በሚሠራበት ቤት በአሥራ ሁለት ሳምንት። ሦስት ወር ግን አሥራ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ይህች ሴት የምትገባበት ድርጅት ቅዳሜንም ይሠራል እንበል። በአሥራ አንደኛው ሳምንት «ሙከራውን አላለፍሽም» ብለው ቢያሰናብቷት በሕግ ፊት ሙከራው አልቋል። ሠራተኛው የሙከራው ጊዜ ካለፈ በኋላ ሥራውን ከቀጠለ ውሉ ከሙከራው መጀመሪያ ቀን አንሥቶ እንደተደረገ ይቆጠራል። ደብዳቤው ከሕጉ ያነሰ ነገር ስለጻፈ ሕጉ አይቀየርም፤ የሥራ ውል ሠራተኛውን ከሕጉ በታች ሊያወርደው አይችልም።

«ታዲያ ሕጉ ካለልኝ ምን አስጨነቀኝ?» የሚል ይኖራል። አበሉ ነዋ የሚያስጨንቀው! አበሉ የተንጠለጠለው «የሙከራ ጊዜው ሲጠናቀቅ» በሚለው ላይ ነው። ሙከራው መቼ እንዳለቀ ካልተስማማችሁ አበሉ መቼ እንደሚጀምርም አልተስማማችሁም። በዚያ ላይ «በአጥጋቢ ሁኔታ» የምትል ነገር አለች። አጥጋቢ መሆኑን ማን ነው የሚነግራት? በጽሑፍ ነው? ዝም ካሏትስ? ስንት ሰው አውቃለሁ፣ ስድስት ወር ሠርቶ «የሙከራህ ግምገማ አልተሞላም» ተብሎ ትራንስፖርቱን ሲጠብቅ የኖረ። ክፉ ሰው ስላለ አይደለም፤ ቅጹ በአንዱ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ነው።

ከሙከራው ጋር የተያያዘ ሌላም አለ። አዋጁ የሕመም ፈቃድን የሚሰጠው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። በሙከራ ላይ እያላችሁ ብትታመሙ ግን የሚያግዛችሁ የድርጅቱ የራሱ ደንብ ብቻ ነው። ቀድሞ የሚታወቅ ሕክምና ወይም ቀጠሮ ያለው ሰው ይህን ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ።

ወደ ዓመት ፈቃድ እንምጣ። «በድርጅቱ መመሪያ መሠረት» ማለት መመሪያውን አሳዩኝ ማለት ነው። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት ከ16 የሥራ ቀን ያላነሰ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ጭማሪ ይሰጣል። የእኛ ሂሳብ ባለሙያ በአሮጌው ቤቷ በአምስተኛው ዓመት 18 ቀን ላይ ደርሳለች፤ ስትቀየር ወደ 16 ትመለሳለች። ቅዳሜ የሥራ ቀን ከሆነ 16 ቀን ሦስት ሳምንት እንኳን አይሞላም። እና ዋናው ነገር፣ የመጀመሪያው የዓመት ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ዓመት ካገለገሉ በኋላ ነው። ኅዳር አጋማሽ ብትጀምር ጥር ላይ ሠርጓ ሲደርስ የዓመት ፈቃድ የላትም፤ ያላት ሕጉ ለጋብቻ የሚሰጠው ከክፍያ ጋር ሦስት የሥራ ቀን ብቻ ነው። ሙሽሪት በሦስት ቀን ምን ታደርጋለች? መልስ ራሱ አለ! ስለዚህ ነው ሠርጉን አሁን ማንሳቷ ትክክል ነው ያልኳችሁ። ከመፈረሟ በፊት ስትጠይቅ ይህ አንዱ የቅጥሩ ነጥብ ነው። ታኅሣሥ ላይ ስትጠይቅ ግን በሙከራ ላይ ያለች አዲስ ሠራተኛ ፈቃድ ጠየቀች ነው የሚባለው።

ሁለተኛው ኢሜይሏ አጭር ነበር። ስለ ደብዳቤው አመስግና፣ አራት ነገር ብቻ ጠየቀች። መነሻ ደመወዙ ወደ 30,000 ከፍ ብሎ አበሉ በዚያው ልክ እንዲቀንስ፤ ትራንስፖርቱ ከመጀመሪያው ቀን እንዲጀምር፤ «3 ወር» የሚለው «60 የሥራ ቀን» ተብሎ እንዲስተካከልና ድርጅቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ ሙከራው እንደተጠናቀቀ እንዲቆጠር፤ ለሠርጉ አምስት ቀን ያለ ክፍያም ቢሆን እንዲፈቀድ። የ18 ቀኑን ፈቃድ አልጠየቀችም። አራት ነገር በአንድ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው፤ ሁለት ቀን ደግሞ ሌሎቹን የሚያሰጋ ያህል ዋጋ የለውም።

መልሱ እንዲህ ያለ ነው የሚሆነው፦ መነሻ ደመወዝ 28,000፣ ትራንስፖርት ከመጀመሪያው ቀን፣ ሙከራ 60 የሥራ ቀን፣ ለሠርጉ አምስት ቀን ያለ ክፍያ። «ካላሳወቀ እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል» የሚለውን አልተቀበሉም፤ «ግምገማው ከሙከራው ማብቂያ በፊት ይካሄዳል» ብለው ጻፉ። ማበረታቻው «እስከ» እንዳለ ቀረ። ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ከ40,000ው ውስጥ የትኛው እርግጠኛ፣ የትኛው ተስፋ እንደሆነ አሁን ታውቃለች። ለአሮጌው ቤቷ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሰጠችው ይህ ደብዳቤ በሁለቱም ወገን ከተፈረመ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መልቀቂያ ማስገባት አደጋ ነው። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ መውጣት ደግሞ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊያስከፍል ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የምትቀጠሩበት መደብ «ሥራ አስኪያጅ» ወይም ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ከሆነ አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። ለእናንተ 60 ቀን የለም፣ 16 ቀን የለም። «ፈቃድ በሕጉ መሠረት» የሚለው ሐረግ በእናንተ ደብዳቤ ላይ ባዶ ሊሆን ይችላልና፣ ሁሉም በቁጥር ይጻፍላችሁ። የማዕረግ ስም የሚያስደስተውን ያህል ይህንንም አብሮ ያመጣል።

ከጥያቄዎቹ፦

አንድ ወጣት «እኔ ሥራ የለኝም። ደብዳቤ ስጠይቅ ለሌላ ሰው ቢሰጡትስ?» አለ። እውነተኛ ሥጋት ነው፤ አላጣጣልኩትም። ሥራ የሌለው ሰው እንደ ሂሳብ ባለሙያዋ አራት ነገር ላይደራደር ይችላል። ግን መደራደርና ማረጋገጥ የተለያዩ ናቸው። ምንም ሳትለውጥ «በስልክ እንደነገሩኝ መነሻ ደመወዙ ይህን ያህል፣ ትራንስፖርቱ ይህን ያህል፣ ሙከራው 60 የሥራ ቀን እንደሆነ ተረድቻለሁ፤ የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ» ብለህ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላክ። ምንም አልጠየቅህም፤ የሰማኸውን ነው የጻፍከው። ቴሌግራም ከሆነ መልእክቱን ስክሪንሾት አድርገህ ያዝ፤ ከሁለቱም ወገን ሊሰረዝ የሚችል ነገር ነው። ዋስ ይጠየቅ እንደሆነና የስንት ብር ዋስ እንደሆነም በዚያው ጠይቅ፤ ገንዘብና ንብረት በሚነካ ሥራ ላይ ዋስ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

የመጨረሻዋ ጠያቂ «ደብዳቤ የምንሰጠው ሥራ ከጀመርሽ በኋላ ነው አሉኝ» አለች። እንዲህ የሚሉ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ተንኮለኛ አይደሉም፤ አንዳንዱ ፈራሚው ከአገር ውጪ ነው። እንዲያም ሆኖ ኢሜይሉን ላኪ፤ ቢያንስ የነገሩሽ ነገር ቀን ያለው ሆኖ ይቀመጣል። ከጀመርሽ በኋላ ደግሞ ሕጉ ጊዜ አስቀምጧል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ከውሉ ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባል። ጽሑፉ ከደረሰሽ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወምሽ የሥራ ውል እንደሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ ሲሰጡሽ ፋይል ውስጥ አታስገቢው። በዚያው ቀን ከላክሽው ኢሜይል ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አንብቢው። የተለየ ነገር ካለ ልዩነቱን ጽፈሽ፣ ቀን አድርገሽ ለሰው ኃይል ክፍሉ ስጪና በቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብለው እንዲፈርሙልሽ አድርጊ።